ዝናብ የማያመልጠው ባለሙያ

ባለፈው ሳምንት አንድ የማላውቀው ሰው ደወለልኝ። «ጣራዎን የጠገነልዎት ባለሙያ የእርስዎን ቁጥር ሰጥቶኝ ነው። እሳቸው ይመሰክሩልኛል ብሎኛል» አለኝ። ልቤ በኩራት አበጠ። ቀብድ ከተቀበለ በኋላ እኔ ስደውል «ማን ልበል?» ይለኝ የነበረ ሰው፣ ለካ ቁጥሬን በቃሉ ያውቀዋል! ስለዚህ እመሰክርለታለሁ።

ነገሩ የጀመረው በመጋቢት ነው። ነፋስ በተነሳ ቁጥር ከመኝታ ቤታችን በላይ ያለው ቆርቆሮ ያጨበጭብ ነበር። አሶሳ ዝናቡ ግንቦት ላይ ይገባና እስከ ጥቅምት ድረስ ይቆያል፤ ጣራ የሚነካ ሰው ከዚያ በፊት ይነካል። ባለሙያዬ መጣ፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ከታች ወደ ላይ አየና «የሁለት ቀን ሥራ ነው ጋሼ፣ አያስቡ» አለኝ። የእጅ ዋጋ ሦስት ሺህ ብር ተስማማን፤ ሁለት ሺውን ቀብድ ተቀበለ። መሰላል ላይ አልወጣም። ጎበዝ ሐኪም በሽተኛውን ከበር ላይ አይቶ ይመረምራል ይባል የለ?

ቀጠሮው «ነገ ጠዋት» ነበር። ነገ የቱ ነገ እንደሆነ ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። በኋላ እንደተረዳሁት ሚስማሩ ከአዲስ አበባ እየመጣ ነበር። መንገዱ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና አልፈረድኩበትም። ብቻ ሚስማሩ በእግሩ፣ በቀን 25 ኪሎ ሜትር ቢራመድ እንኳ በአንድ ወር ውስጥ ከተማችን በገባ ነበር። ባለሙያዬ የመጣው በሰኔ አጋማሽ፣ ሰማዩ ጠቁሮ ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ነው። ያን ዕለት ፍጥነቱን ብታዩ!

አሁን ወደ ጥራቱ። የቆርቆሮ ሚስማር የሚመታው ከፍ ባለው ጉብታ ላይ ነው፤ ውሃው የሚሄደው በቦዩ በኩል ስለሆነ። እርሱ ግን ቦዩ ላይ መታው። ምክንያቱን ስጠይቀው «እዚያ ላይ ጠበቅ ይላል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ጠብቋል። ውሃውም በቆቡ ሥር ተሰብስቦ፣ ሳይቸኩል፣ በሚስማሩ አንገት እየተንቆረቆረ ይወርዳል። ቆርቆሮ ሲደራረብም ከታች ተጀምሮ የላይኛው በታችኛው ላይ አንድ ስንዝር ያህል ይጫናል። ባለሙያዬ ከላይ ስለጀመረ የታችኛው ቆርቆሮ በላይኛው ላይ ተቀመጠ። ይህ ውሃን የሚያከብር አሠራር ነው፤ እንግዳ በር ላይ አይመለስማ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ያልነካው ነገር ነው። ቆርቆሮው ያጨበጨበው ሚስማሩ ስለላላ ነው፤ ሚስማሩ የላላው ደግሞ የሚይዘውን ሞራሌ ምስጥ ስለበላው ነው። አሶሳ የኖረ ሰው ምስጥን ከማንም በፊት ይጠረጥራል። ግድግዳውን ይዞ ወደ ጣራ የሚወጣ የአፈር መስመር ካየህ፣ እንጨቱን በመዶሻ መታ ስታደርገው ባዶ ቅል ከመሰለ፣ ወይም ካቻቪቴ ስትወጋው እንደ ቅቤ ከገባ፣ አዲስ ቆርቆሮ ምን ይሠራል? ሞራሌው ተነቅሎ በደረቅ፣ የተቃጠለ ዘይት በጠጣ እንጨት መተካት ነበረበት። ባለሙያዬ በዚያው በበሰበሰ እንጨት ላይ አዲሱን ቆርቆሮ አስቀመጠና ሚስማሩን በጣቱ ገፋው። በመዶሻም መታው፣ ለእኔ ክብር ሲል።

ማታ ዘነበ። ሦስት ሳፋ አስቀመጥን። በማግስቱ መጥቶ ሬንጅ ቀባ፤ ፀሐይ ሲወጣ ሬንጁ ፈሰሰ፣ ሲበርድ ተሰነጠቀ፤ ሳፋው አምስት ሆነ። ባለቤቴ በቀትር መስኮቱንና በሩን ዘግታ ቀና ስትል ጣራው በብርሃን ነጥብ ተሞልቶ ነበር። «ኮከብ ገዝተህልናል» አለችኝ። ይህን ፍተሻ ቀሪው ገንዘብ ሳይከፈል ማድረግ ይቻል ነበር፤ እኔ ግን ሰውን በጥርጣሬ ማየት ነውር ነው ብዬ ያደግሁ ነኝ።

ከፍያለሁ አዎ። ሦስት ሺው «ማስጨረሻ» ታክሎበት አራት ሺህ ተኩል ሆነ። ያዘዘኝ አራት ቆርቆሮና ሁለት ኪሎ ሚስማር ነበር፤ ጣራው ላይ ሁለት ቆርቆሮ ቆጥሬአለሁ። የቀሩት ሁለቱ የት እንደገቡ ምናልባት ምስጡ ያውቃል።

ጎረቤታችን እማማ የሚኖሩት በሽመል በተሠራ ቤት፣ በሣር ክዳን ሥር ነው። ያን ሰሞን አንድም ጠብታ አልገባባቸውም። ሳፋ ላዋሳችሁ ብለው መጡና ጣራችንን አይተው፣ ምንም ሳይናገሩ ትልቁን ሳፋ ሊያመጡ ተመለሱ።

ለደወለው ሰው ይህን ሁሉ አልነገርኩትም። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «በቀጠሮው ይመጣል?»

«ለዝናቡ ይደርሳል» አልኩት።