ክፍያው ለመምህሩ፣ ኪሳራው ለተማሪው?

«መምህር፣ ተማሪዎችዎ የሚያነቡት አንድ ጽሑፍ ስፖንሰር አድርገን እናውጣ፤ ዳጎስ ያለ ክፍያ አለው» ይላል ከአንድ የስፖርት ውርርድ ድርጅት የመጣልኝ ደብዳቤ። ርዕሱንም እነሱው መርጠውለታል፦ «በሒሳብ ችሎታህ ገንዘብ ሥራ»። እኔ የምጽፈው የሒሳብ ትምህርት ነው፤ የሚያነቡኝም ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ናቸው።

መልሴ ይኸው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ስላሰባችሁኝ አመሰግናለሁ። ጽሑፉን ግን አላወጣውም። አንባቢዎቼ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ 18 ዓመት አልሞላቸውም፤ ለእነሱ የውርርድ ማስታወቂያ አላቀርብም። ክፍያው ቢጨምርም ውሳኔዬ ያው ነው። መልካም ሥራ ይሁንላችሁ።»

ያጠረው ሆን ተብሎ ነው። «ለጊዜው አይመቸኝም» ብል፣ ሲመቸኝ እንድጠራቸው ይጠብቃሉ። «ክፍያው አነሰ» ብል ገበያ ከፈትኩ ማለት ነው፤ ያኔ ጭማሪውን ይዘው ቢመጡ ምን አፍ ይኖረኛል? «ርዕሱ አልተስማማኝም» ብልም በማግስቱ ሌላ ርዕስ ይመጣል። ስለዚህ እነሱ ሊቀይሩት የማይችሉትን ምክንያት ብቻ ጻፍኩ፤ አንባቢዬን።

እነሱ ግን አልቆሙም። «ዕድሜው ያልደረሰ ሰው እኛ ጋ አይጫወትም» ብለው መለሱ።

«ማጫወት የማትችሉት ልጅ እንዲያነበው ለምን ትከፍላላችሁ?» አልኳቸው።

ይህን ዘለውት «ጽሑፉ እኮ ትምህርታዊ ነው፤ ስለ ኦድ ያስተምራል» አሉ። ኦድ ማስተማሩን እኔም እወደዋለሁ። ላስተምር።

ሁለት ውጤት ብቻ ያለው፣ የሁለቱም ዕድል እኩል የሆነ ግምት እንውሰድ። ለአወራራጁም ለተወራራጁም ሚዛናዊ የሆነው ኦድ 2.00 ነው፤ 100 ብር ያስያዘ ሲያሸንፍ 200 ይወስዳል፣ ሲሸነፍ ባዶ እጁን ይቀራል፣ ውሎ አድሮ እኩል ይወጣል። አወራራጁ ግን 1.85 ይሰጣል እንበል። አሁን ያሸነፈው የሚወስደው 185 ነው፤ የሚያሸንፈውም ከሁለት አንዴ ስለሆነ፣ በአማካይ ለ100 ብሩ የሚመለስለት 92 ብር ከ50 ነው። 7 ብር ከ50 ቀረች። ይህችን ልጁ ላያስተውላት ይችላል።

ልጆቹ ግን በአንድ ጨዋታ አይቆሙም፤ አምስቱን ባንድ ቲኬት ይቆርጣሉ። አምስቱን 1.85 እርስ በርስ ስናባዛቸው 21.67 ገደማ ይመጣል፤ በ100 ብር 2,167 ብር ማለት ነው። ዓይን የሚስበው ይህ ቁጥር ነው። አምስቱም የመግባት ዕድላቸው ስንት ነው? ከ32 አንድ። እንግዲህ እንዲህ ያለ ቲኬት 32 ጊዜ የቆረጠ ልጅ 3,200 ብር ያወጣል፤ በአማካይ አንዱ ቲኬት ገብቶለት 2,167 ብር ይወስዳል። 1,033 ብር የት ሄደ? ከመቶው 7 ብር ከ50 የነበረችው ኪሳራ አምስቱ ጨዋታ ሲደራረብ 32 ብር ሆነች። ይህ የሚደርሰው ልጁ ስለ ኳስ ስለማያውቅ አይደለም፤ አወራራጁ በየግምቱ የሚቆርጣት አብራ ስለምትባዛ ነው። ሒሳብ ጎበዝ መሆኑም አያድነውም፤ ጉብዝናው የሚጠቅመው ቲኬቱን ሳይቆርጥ በፊት ነው።

«ትምህርቱ ተዘጋጅቷል፤ በዚህ ስሌት ይውጣ?» ብዬ ላክሁላቸው። ስለ ስሌቱ ምንም አላሉም። በምትኩ «ስፖንሰር የሚለው ቃል አይጻፍበት፤ ሊንኩም እንደ ማንኛውም ሊንክ ይሁን» የሚል አዲስ ሐሳብ መጣ።

ይህች ትንሽ የምትመስል ጥያቄ ዋናዋ ናት። ጉግል የተከፈለባቸው ሊንኮች `rel="sponsored"` በሚል ምልክት እንዲለዩ ይፈልጋል፤ ምልክቱን ያስተዋወቀውም በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። ምልክት የሌለው ሊንክ፣ ጸሐፊው አምኖበት አንባቢውን እንደላከበት ይቆጠራል፤ ድርጅቱንም በፍለጋ ላይ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ልጁም «መምህሬ መከረኝ» ብሎ ይጫነዋል። ሊገዙ የፈለጉት የእኔን ምስክርነት ነው፤ ያውም መገዛቱ ሳይታወቅ።

«ማስታወቂያ መሆኑ እንዲታወቅ ካልፈለጋችሁ፣ እኔም ማስታወቂያ ነው ብዬ የምቀበለው ገንዘብ የለኝም» ብዬ መለስኩ።

የካልኩሌተር ሻጭ፣ የጂኦሜትሪ መሣሪያ የሚያቀርብ፣ የፈተና መለማመጃ የሚያሳትም ቢመጣ፣ «ስፖንሰር የተደረገ» የሚለውን ከላይ በጉልህ ጽፌ አወጣለታለሁ። ክፍያ መቀበል አላስቸገረኝም።

በመጨረሻ «እርስዎ ካልፈለጉ፣ ተማሪ የሚያነበው ሌላ መምህር ይጠቁሙን» አሉ።

«የሰው አድራሻ የምሰጠው ባለቤቱ ሲፈቅድልኝ ነው» አልኳቸው፤ «ይህን ፈቃድ ደግሞ ማንንም አልጠይቅላችሁም።»