ስልኩን አስተኙት፣ እኔም ልተኛበት

በዚህ ዕድሜዬ የቪዲዮ ዳኛ ሆኜ አረፍኩት። ጣጣው የመጣው በጋሼ ነው፤ ታላቅ ወንድሜ። ዕድሜውን ሙሉ ጥር 23 በመጣ ቁጥር ፈረሱን ሸልሞ እንጅባራ ላይ ሲጋልብ ኖረ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ሲመሠረት እሱ አልተወለደም፤ ሲያወራ ብትሰሙት ግን ፊርማው እዚያ ያለ ይመስላችኋል። ዘንድሮ ጉልበቱ እምቢ አለው።

አዲስ አበባ ያለች ልጁ «ዘመድ ሁሉ በስልኩ ቀርጾ ይላክልኝና አያይዤ በበዓሉ ማታ ላሳየው» አለች። ደግ አሰበች። ከዚያ በዘመድ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ለአባዬ መልካም ቃል ቀርጻችሁ ላኩ» ብላ ጻፈች። አለቀ። ስንት ደቂቃ? እስከ መቼ? ስልኩ በየት በኩል ይያዝ? የለም!

የመጣውን አብረን አየነው፤ 11 ቪዲዮ። ዳንግላ ያለው የእህቴ ልጅ ስልኩን አቁሞ ቀርጿል፤ ቴሌቪዥን ላይ ስናየው ግራና ቀኙ ጨለማ፣ መሐሉ ላይ በበር ስንጥቅ እንደማየት ያለ ነገር። እሱ ራሱ ከግንባሩ ተቆርጧል፤ በደንብ የወጣው ከኋላው የታሰረው ፈረስ ነው። አንዷ ለመስኮት ጀርባዋን ሰጥታ ጥላ ሆናለች። ባንጃ ያለው የአጎታችን ልጅ ሜዳ መሐል ቆሞ አራት ደቂቃ ሙሉ ነፋስ አሰማን። ቃሉ ከተሰማው ደግሞ ሁሉም ያው «ዕድሜና ጤና ይስጥልን» ነው። ስንት ጊዜ! ሰውዬው ማቱሳላ ነው?

«አምጪው፣ እኔ ልጻፈው» አልኩና ለልጅ ልጄ ቃል በቃል አስጻፍኩት፤

«ዘመዶች፣ የላካችሁት ደርሷል፤ እንደገና ቅረጹ። ስልኩን አግድም አስተኙት፤ ቴሌቪዥኑ የተሠራው አግድም ነው። መጀመሪያ የስልኩን ዓይን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ ጉም ገብቷል ያላችሁት የእጃችሁ ቅባት ነው። ቤት ውስጥ ሁኑ፤ ፊታችሁን ወደ መስኮቱ መልሱ፣ ስልኩ በእናንተና በመስኮቱ መካከል ይሁን። ሬዲዮ ይዘጋ። የሚቀርጻችሁ ሰው ክንዱን ዘርግቶ ሊነካችሁ እስኪችል ይጠጋ፤ የስልክ ጆሮ ከሩቅ አይሰማም። ፍላይት ሞድ ላይ አድርጉት፤ መሐል ላይ ስልክ ከተደወለ ቀረጻው ሊቋረጥ ይችላል። ቀረጻው ከተጀመረ በኋላ እስከ ሦስት ቁጠሩና ተናገሩ፤ ስትጨርሱም እንዲሁ። አለዚያ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቃል ተቆርጦ ይቀራል።

ስማችሁንና የምን ዘመድ እንደሆናችሁ ተናገሩ። ከዚያ ጋሼ አንድ ቀን ያደረገውን አንድ ነገር ብቻ ንገሩን። ምርቃቱን እኔ እመርቃለሁ። በአገውኛ የሚቀናው በአገውኛ ይናገር፤ ለልጆቹ ከሥር በጽሑፍ እናወጣላቸዋለን። ከ20 ሰከንድ አትለፉ፤ 24 ሰው ነን፣ ስምንት ደቂቃ ይሆናል፤ ከዚያ ካለፈ ጋሼ ያንቀላፋል።

ስትልኩ እንደ ተራ ቪዲዮ ሳይሆን በአባሪ ምልክቷ ገብታችሁ File በሚለው ላኩት፤ አለዚያ ቴሌግራም ይጨምቀውና ትልቅ ስክሪን ላይ ፊታችሁ ይደበዝዛል። ዳታ ይበላል፤ ዋይፋይ ያለው ዘመድ ቤት ሂዱ። የመጨረሻው ቀን ጥር 15 ነው፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 23።»

ይቺን የፈረንጅ ቀን የጋሼ ልጅ «ምን ያደርጋል» ብላ ልታስወጣት ነበር። ዝም ብዬ «በ15» ብል ኖሮ አሜሪካ ያሉት በጃንዋሪ 15፣ ማለትም በእኛ ጥር 7፣ ልከው «እናንተስ?» እያሉ ይነዘንዙን ነበር። ስምንት ቀን ሙሉ ጭቅጭቅ!

እውነት ለመናገር ከዚህ በኋላ የመጣው ደህና ነበር። አንዷ እህታችን በክረምት ወንዝ ሞልቶ ጋሼ በፈረስ እንዴት እንዳሻገራት ተናገረች፤ በ18 ሰከንድ። አንድ ሰው ብቻ አበላሸ፤ አውራ ጣቱ የስልኩን ዓይን ከልሎት ድምፁ ብቻ ቀረ። ማን እንደሆነ አልናገርም፤ መመሪያውን ያስጻፈው ሰው ነው።

የዳንግላውን የቆመ ቪዲዮ «ጣይው» ብዬ ነበር። ልጅቱ ግን አልሰማችኝም፤ መጨረሻ ላይ ሰክታዋለች። የበዓሉ ማታ ጋሼ ስምንቱን ደቂቃ ዝም ብሎ አየ። ያ ግንባሩ የተቆረጠው የእህቴ ልጅ ሲመጣ ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ ከኋላ ያለውን ፈረስ ጆሮ በጣቱ ነካ።

«ይቺን መልሺልኝ» አላት። አራት ጊዜ አስመለሳት።