«ጨምር» የተባለችው አዲስ አበባ

ናታኒያ፣ ኤይን ሀትኽሌት ውስጥ አዲስ አበባ ሊሄድ የተነሳ ሰው ጉዞውን ከማንም አይደብቅም፤ ቢደብቅም ዋትሳፑ አይደብቅለትም። በረራው አንድ ቀን ሲቀረው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ በኢንተርኔት ቼክ ኢን ያደርግለታል። ቦርዲንግ ፓሱ ይታተማል፣ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፣ በስልክ ፎቶ ይነሳል። ፎቶውም ከጥጉ አውራ ጣት፣ ከመሐሉ የአምፖል ነጸብራቅ፣ ከግርጌው የቡና ስኒ ይዞ ወደ ቤተሰቡ ግሩፕ ይገባል። ከሥሩ አንዲት መልእክት አለች፦ «ምን ይላል? ተርጉሙልኝ።»

ከዚያ በኋላ ዝም የሚል የለም። ቤተሰቡ ውስጥ ተርጓሚ ያልሆነ ሰው የታለና! አንዱ ዕብራይስጥ ተምሯል፣ አንዷ እንግሊዝኛ ትችላለች፣ አንዱ ደግሞ ምንም ባይችልም አንዴ ዱባይ ደርሶ ተመልሷል፤ ድምፁ ከሁሉም ይጎላል።

ሰሞኑን እንዲህ ያለ አንድ ወረቀት አየሁ። የባለ ወረቀቷን ገመና ለመሸፈን ስሙን፣ ቁጥሩንና ሰዓቱን ለውጬ ላስቀምጠው። ባለ ቲኬቷን እማማ አልማዝ ከበደ እንበላቸው፤ ቀኑም ሐሙስ ነው እንበል።

```
KEBEDE/ALMAZMRS
TLV   ADD   ET 405
12MAR   GATE --
BOARDING 23:55   DEP 00:55
SEAT 27C   ZONE 3   SEQ 084
```

እንግሊዝኛ በመቻል የሚታወቀው የልጅ ልጃቸው ወዲያው በድምፅ መልእክት መለሰ፦ «እማማ፣ እንዲህ ነው የሚለው። ወይዘሮ ከበደ። ቲኤልቪ ጨምር። መጋቢት 12። በር የለም። አዳሪ 23:55። ወንበር 27ሐ። ቀጠና 3። ተከታታይ 084።»

እማማ መልእክቱን ደጋግመው ሰሙት። «አዳሪ ነኝ እንዴ? ማን ቤት ነው የማድረው? በር ከሌለውስ በየት ልገባ ነው?»

ልጁ አልሰነፈም፤ ችግሩ ትጋት መብዛቱ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለውን ሁሉ እንደ ቃል ቆጠረው። ADD የአዲስ አበባ ቦሌ መለያ ነው። TLV ደግሞ የናትባግ ነው፤ የሚሳፈሩበት የቤን ጉሪዮን አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ሎድ አጠገብ ቢሆንም መለያው የተወሰደው ከቴል አቪቭ ነው። እነዚህ ሦስት ሦስት ፊደሎች ሻንጣው ላይ በሚታሰረው ወረቀትም እንዳሉ ይገኛሉ፤ እማማ አልማዝ እንግሊዝኛ ባይችሉም የፊደሉን ቅርጽ በዓይናቸው ከያዙት ሻንጣቸው ወዴት እንደሚሄድ ራሳቸው ያረጋግጣሉ። «ጨምር» የሚል ሻንጣ ሲፈልጉ ግን ያድራሉ፤ ያኔ በእርግጥም አዳሪ ይሆናሉ።

ያው ልጅ ሞኒት ሲጠራ ሹፌሩን «ወደ ሰማያዊው ምንጭ ውሰደኝ» ብሎት አያውቅም። ኤይን ሀትኽሌትን ኤይን ሀትኽሌት ነው የሚለው። ቲኬት ላይ ሲሆን ነው የትርጉም ዛር የሚነሳበት።

ስሙም የራሱ ጣጣ አለው። አየር መንገዶች የቤተሰብ ስም የሚሉትን ከፊት ያስቀድሙና እዝባር አስገብተው የራስን ስም ያስከትላሉ፤ «ወይዘሮ» የሚለውን ማዕረግም ክፍተት ሳይሰጡ ይለጥፉበታል። እማማ «አልማዝምርስ የምትባለው ማናት?» ብለው ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም። ፓስፖርታቸው ላይ አልማዝ፣ ቲኬታቸው ላይ አልማዝምርስ! ስህተት አይደለም፣ ማንም በዚህ አይመልሳቸውም። በድምፅ ማጉያ ሲጠሩ ግን «ከበደ» ተብለው ነው። ከበደ አባታቸው ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማረውና። ስለዚህ ተርጓሚው ስሙን እንደተጻፈ ትቶ «በአባትዎ ስም ቢጠሩ እርስዎን ነው» ብሎ ማስጠንቀቅ ብቻ ይበቃው ነበር።

እስካሁን ያልኩት የሚያስቅ ነው። አውሮፕላን የሚያስመልጠው ቀኑ ነው። 12MAR የሚለውን ልጁ «መጋቢት 12» አለው። ማርች መጋቢት ነው ተብሎ ተምሯል፤ አስተማሪው ደግሞ የቀኑን ልዩነት ሳይነግረው ደወል ተደውሎ ይሆናል። በእኛ ዘመን መቁጠሪያ መጋቢት 1 ቀን በፈረንጁ ማርች 10 ላይ ነው የሚውለው። እንግዲህ የቲኬቱ ቀን መጋቢት 3 ነው ማለት ነው። በልጁ ትርጉም አዲስ አበባ ያሉት ዘመዶች መጋቢት 12 ቦሌ አበባ ይዘው ቢወጡ፣ እንግዳቸው ከገቡ ዘጠኝ ቀን አልፏቸው ጎንደር ዘመድ እየጠየቁ ይሆናል።

ቀኑ ቢስተካከልም ሌሊቱ ይቀራል። አውሮፕላኑ የሚነሳው 00:55 ነው፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው አውሮፕላኑ የሚነሳበት ቀን ስለሆነ 12 ይላል። መሳፈር የሚጀመረው ግን 23:55 ነው፤ ይህ ደግሞ ገና 11 ማርች ላይ ነው። አንድ ወረቀት ላይ አንድ ቀን ብቻ ተጽፎ፣ ከሥሩ የተደረደሩት ሁለት ሰዓቶች ግን የሁለት ቀን ናቸው። ከዚህም የባሰው ስሌት «12 ከሆነማ ሐሙስ ማታ ነው» የሚለው ነው። ሐሙስ ማታ ሻንጣ እየጎተተ ናትባግ የሚደርስ ሰው አውሮፕላኑ ሄዶ ሙሉ ቀን አልፎታል። ይህ በኛ ሰው ብቻ የሚደርስ አይምሰላችሁ፤ ሌሊት የሚነሳ አውሮፕላን የስንቱን የተማረ ፈረንጅ ሻንጣ ከነባለቤቱ መልሷል።

እማማ አልማዝ ለዚህ ከሁሉም ይልቅ የተዘጋጁ ነበሩ። በምኩራብ አቆጣጠር ቀን የሚገባው ጀምበር ስትጠልቅ ነው፤ ረቡዕ ከመሸ ለእሳቸው ሐሙስ ገብቷል። አገር ቤት ሳሉ የተናገሩት አማርኛም «ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ» የሚል ቃል አስታጥቋቸዋል። ይህን ሐረግ ቲኬት አታሚው ቢያውቀው ስንት ሰው በዳነ! የልጅ ልጃቸው ግን ይህን አያውቅምና «ሐሙስ 00:55» ብሎ አነበበላቸው። እሳቸውም «ዜሮ ሰዓት የሚባል አለ እንዴ?» አሉ።

የሚበጀው የታተመውን ሰዓት እንዳለ ትቶ ከጎኑ መጻፍ ነው። 00:55፣ በእኛ ከሌሊቱ 6:55፣ ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ። 23:55፣ በእኛ ከምሽቱ 5:55፣ ረቡዕ መጋቢት 2። ናትባግ ሦስት ሰዓት ቀድመው መድረስ ስላለባቸው ረቡዕ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ግድም ከቤት ይወጣሉ። የታተመውን ፍቆ በእኛ ሰዓት ብቻ መተካት አደጋ ነው፤ አየር ማረፊያው ሰሌዳ ላይ «6:55» ብለው ቢፈልጉ የሚያገኙት ጠዋት የሚነሳ የሌላ ሰው አውሮፕላን ነው።

«በር የለም» የተባለውም ቢሆን በር አለ፣ ገና አልተመደበም እንጂ። ቀድሞ የታተመ ወረቀት ላይ የበሩ ቦታ ባዶ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ በሰዓቱ ሰሌዳው ላይ C7 ወይም D5 የመሰለ ነገር ይወጣል። ከተጻፈም በኋላ ሊለወጥ ስለሚችል ወረቀቱና ሰሌዳው ከተጣሉ ሰሌዳውን ማመን ነው። ለደበዘዘ ፎቶ የሚሆን አንድ ዘዴም እዚህ አለ። በተርሚናል 3 በር ፊደል ያስቀድማል፣ ወንበር ደግሞ ፊደል ያስከትላል። አውራ ጣት ግማሹን ሸፍኖት 8 ይሁን B መለየት ሲያቅት፣ ቦታው ይናገራል፤ «278» የሚባል ወንበር የለም፣ 27B ነው።

ወንበሩን «27ሐ» ማለት ግን ምን ይሉታል? አውሮፕላኑ ጣሪያ ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ የለም። 27 ረድፉ ነው። ሦስት ሦስት ወንበር በተደረደረበት ሰፊ አውሮፕላን A መስኮቱ ጥግ፣ B መሐል፣ C ደግሞ መተላለፊያው ዳር ነው። እግራቸውን ለሚያማቸው እናት ከትርጉሙ ይልቅ ይህች ትጠቅማለች፤ ማንንም ሳያስነሱ ሽንት ቤት ይመላለሳሉ። ቀጠና የተባለው 3 የመግቢያ ተራ ነው፤ ሦስተኛው ቡድን ሲጠራ ይነሳሉ። SEQ 084 ደግሞ ቼክ ኢን ሲደረግ የያዙት ተራ ቁጥር ነው፤ ለሠራተኞቹ መቆጣጠሪያ እንጂ ለእሳቸው ምንም አይደለም። ሰው ግን ትልቅ ቁጥር ይወዳል። 84ኛ ረድፍ ፍለጋ እስከ አውሮፕላኑ ጭራ የሚሄድ አይጠፋም።

ደግሞስ እማማ በወንበር ቁጥር መች ለመዱና! የመጀመሪያ በረራቸው በግንቦት 1983 በዘመቻ ሰሎሞን ነው። ያኔ ብዙ ሰው ለማሳፈር የአውሮፕላኖቹ ወንበር ተነቅሎ፣ አንዱ ጃምቦ ብቻውን ከ1,000 ሰው በላይ ጭኖ ነበር። 36 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ከ14,000 በላይ ሰው ሲመጣ «27 ላይ ነው የተመደብኩት» ያለ አልነበረም። አሁን በዕብራይስጥ ቦርዲንግ ፓስ «ካርቲስ አሊያ ላማቶስ» ሲባል ሰምተው ግራ ቢጋቡም እውነት አላቸው። አሊያ ወደዚህ የመጡበት ነው፤ ወደ አዲስ አበባ እየሄዱ የምን አሊያ?

ይህ ሁሉ ሲተረጎም አንድ ነገር ማንም አላነሳም። ወረቀቱ ላይ፣ እኔ ከላይ ሳላስቀምጠው የተውኩት፣ ስድስት ፊደልና ቁጥር የተቀላቀሉበት የቦታ ማስያዣ መለያ አለ። ያንን መለያና የአባት ስማቸውን የያዘ ሰው አየር መንገዱ ድረ ገጽ ላይ ገብቶ ጉዞአቸውን ማየት፣ ወንበራቸውን መቀየር፣ አንዳንዴም መሰረዝ ይችላል። የቤተሰቡ ግሩፕ ደግሞ ቤተሰብ ብቻ ያለበት መሆኑ ካበቃ ቆይቷል። ይህን ያወቀ አንድ የአክስት ልጅ ብልህ ሆኖ መለያውን በቀይ ቀለም ሸፈነና ፎቶውን መልሶ ላከው። ከጎኑ ያለውን ባርኮድ ግን አልነካውም። ባርኮዱ ውስጥ ስማቸው፣ መለያው፣ በረራው፣ ወንበሩ፣ ተራ ቁጥሩ፣ ሁሉም አለ፤ ስልክ ያነበዋል። በሩን ቆልፎ መስኮቱን ከፍቶ ሄደ ማለት ነው። ግሩፑም «ጎበዝ!» አለው።

በመጨረሻ ከታተመው ሥር በእጅ ተጽፎ፣ በሰዓቱና በቀኑ ተስተካክሎ ሲነበብላቸው እማማ አልማዝ በጥሞና አዳመጡ። ሁሉንም መልሰው ደገሙት፦ ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ፣ ሦስተኛው ቡድን፣ 27C፣ መተላለፊያው ዳር። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀራቸው።

«27B ላይ የሚቀመጠውስ የማን ልጅ ነው? እሱን አይጽፉም?»