ምን ልታዘዝ?

ካዛንቺስ ካፌ ገብቶ የተቀመጠ ሰው አስተናጋጇ «ምን ልታዘዝ?» ስትለው ማኪያቶውን አዝዞ ወደ ስልኩ ይመለሳል። እኔ ግን ይህን ጥያቄ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እስቲ ልብ ብላችሁ ስሙት፤ ስለ ራሷ እንጂ ስለ ደንበኛው አንድም ነገር አላለችም። «ምን ትፈልጋለህ?» ብትል ደፈረችው፤ «ምን ይፈልጋሉ?» ብትል አስረጀችው። «ምን ልታዘዝ?» ብላ ከሁለቱም አመለጠች። ሒሳብ ሲመጣም «ደረሰኝ ይቆረጥ?» ነው። መሥሪያ ቤት ስትደውሉ «ማን ልበል?» ትባላላችሁ፤ መስኮቱ ጋ ስትደርሱ «መታወቂያ ይምጣ፣ እዚህ ጋ ይፈረም» ይባላል፤ ማን እንደሚያመጣና ማን እንደሚፈርም አይነገርም። የሚኒባስ ረዳቱ ደግሞ ከሁሉም ብልጥ ነው። አሮጊቷንም ተማሪውንም በአንድ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ይጠቀልላቸዋል፤ ወንበሩ ላይ አንድ ሰው ብቻ ቢኖር እንኳ በብዙ ቁጥር ነው የሚያዝዘው። ሰላምታውም «ሰላም ነው?» ሆኗል፤ ማን ሰላም እንደሆነ ፈጣሪ ይወቅ። የአዲስ አበባ አማርኛ ከ«አንተ» እና ከ«እርስዎ» ሌላ ሦስተኛ አጠራር አብቅሏል፤ ስሙም ሽሽት ነው።

ሽሽቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። በአማርኛ ሰውን ለማስቀመጥ እንኳ ዕድሜውን፣ ማዕረጉንና ጾታውን አስቀድሞ መገመት ያስፈልጋል፤ «ተቀመጥ»፣ «ተቀመጪ» ወይም «ይቀመጡ» ነው። የሚገርመው፣ የተከበረ ሰው ከጾታ ነፃ ይወጣል፤ «ይቀመጡ» ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። ፊት ለፊት የቆመውን ሰው እዚያ ማዶ እንዳሉ ብዙ ሰዎች አድርገን ስንናገር አከበርነው እንላለን። ይህ ሁሉ ሒሳብ በሚተዋወቅ ሰፈር ውስጥ ከባድ አልነበረም። ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ወይም በድሮው ካዛንቺስ ግቢዎች ማን የማን ታላቅ እንደሆነ፣ ማን ማንን ክርስትና እንዳነሳ፣ በዕድር ስብሰባ ላይ ማን ከፊት እንደሚቀመጥ ይታወቅ ስለነበር «አንተ» እና «አንቱ» የሚባለው ሰው ገና ድሮ ተለይቷል። «ጋሼ» ከተባለ በኋላ እንኳ «ግባ» ይከተላል ወይስ «ይግቡ» የሚለውን ሰፈሩ ያውቀዋል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ ግቢዎች ለልማት ፈርሰው ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሲበተን ያ ሁሉ እውቀት አብሮ ተበተነ። አዲሱ የሕንፃ ጎረቤት የሚያውቀው የሊፍቱን ቁልፍ ነው፤ ሊፍቱ ውስጥ አብሮት የቆመው ሰው ስንት ዓመቱ እንደሆነ ግን ከፀጉሩ መገመት አለበት፤ ፀጉር ደግሞ ቀለም ይቀባል።

ታዲያ «አንተ» ንቀት፣ «እርስዎ» ክብር ነው ብለን እንዝጋው? አይዘጋም። ምእመኑ ፈጣሪውን በጸሎት «አንተ» ይለዋል። የአዲስ አበባ ልጅ እናቱን «አንቺ» ሲል ቅር የሚላት እናት ብዙ የለችም፤ ገጠር ገብታችሁ ግን አባቱን «አንቱ» የሚል ትልቅ ሰው ታገኛላችሁ፤ ሁለቱም ወላጆቻቸውን ይወዳሉ። አማት ግን አማት ናት፤ ሠላሳ ዓመት በአንድ ማዕድ ቢበላም «እርስዎ» አይለቅም። እስከ እኩለ ቀን የተኛውን ልጇን «ጌታው፣ ይነሱ እንጂ!» የምትል እናትም ስታከብረው አይደለም። ሮጀር ብራውንና አልበርት ጊልማን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1960 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይኛውን «ቱ» እና «ቩ» ከሌሎች የአውሮፓ ቋንቋዎች ጋር መርምረው የደረሱበት ነገር እዚህም ይሠራል። ቁም ነገሩ የትኛው ቃል ተነገረ ሳይሆን የትኛው ተመለሰ ነው። «አንተ» ብሎት «አንተ» ከተባለ ወዳጅነት ነው፤ «እርስዎ» ብሎ «እርስዎ» ከተባለ ጨዋነት፣ አንዳንዴም ኩርፊያ ነው። ባልና ሚስት በድንገት «እርስዎ» መባባል ሲጀምሩ ጎረቤቱ ሽማግሌ ይፈልግ። ወደ ታች «አንተ» ወርዶ ወደ ላይ «እርስዎ» ከወጣ ግን ሥልጣን ነው።

በዚህ ሚዛን መሥሪያ ቤቶቻችንን እንመዝን። አለቃ ጸሐፊውን «አንቺ» ይላል፤ እሷ «እርስዎ» ትላለች፤ ይህን ሁሉም ለምዶታል። አልዋጥ የሚለኝ በር ላይ ያለው ነው። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ባለ ክራቫት፣ አባቱን ሊሆን የሚችለውን ሽበታም ዘበኛ «አንተ፣ ክፈት እንጂ!» ይለዋል፤ ሽማግሌውም ኮፍያቸውን አንስተው «ይግቡ ጌታዬ» ይላሉ። እናት የምታህለዋ የጽዳት ሠራተኛ «አንቺ፣ እዚህ ጋ ጥረጊ» ትባላለች። ያው ሰውዬ እቤቱ ሲገባ ስለ ታላቅ ማክበር ለልጆቹ ይሰብካል! ዕድሜን እናከብራለን የምንለው ውሸታችንን ነው፤ የምናከብረው ደመወዝን ነው። ጋዜጦቻችንም እዚያው ናቸው፤ ሚኒስትሩ «ገለጹ»፣ ሯጩ «አሸነፈ»፣ ዘበኛው «ተናገረ»፤ የዘበኛው ዕድሜ ከሚኒስትሩ ቢበልጥም ግሱ አይቆምለትም። «እኔ አንተ የምለው ስለምቀርበው ነው፣ ቤተሰብ ነን» የሚል አይጠፋም። መልካም፤ ነገ ጠዋት ዘበኛው «አንተ፣ ዛሬም አረፈድክ?» ይበለው፤ ካልተቆጣ ቤተሰብ ናቸው።

ሁለቱን ትተን አንዱን ብቻ ለምን አንይዝም የሚሉም አሉ። ስዊድኖች አድርገውታል፤ በ1967 እ.ኤ.አ. ብሮር ሬክሴድ የተባለ የጤና መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሥራ ሲጀምር ሠራተኞቹን ሁሉ «አንተ» እንደሚልና እሱንም እንዲሁ እንዲሉት ተናገረ፤ አገሩም ተከተለ። ልብ በሉ፣ አለቃው ቃሉን ወደ ታች ብቻ አልላከም፤ እንዲመለስለት ጠየቀ። እኛ ዘንድ ደርግ ማዕረጉን ሽሮ ሁሉንም «ጓድ» ብሎ ነበር፤ ሆኖም «ጓድ ሊቀመንበር» መግለጫ «ሰጡ» እንጂ «ሰጠ» ብሎ የሚያነብ ዜና አንባቢ አልነበረም። ማዕረግ በአዋጅ ይነሣል፤ ግስ ግን አዋጅ አይሰማም። ሁሉንም «እርስዎ» እንበል ቢባልስ? ይህም ዋጋ አለው። አርባ ዓመቷን ልታከብር ያለች ሴት ከሱቅ ልጅ «ማዘር፣ ምን ይፈልጋሉ?» ብትባል ሱቁን ትቀይራለች፤ ያው ልጅ «እናት፣ ምን ልስጥሽ?» ቢላት ቲማቲሙ ውድ ቢሆንም ትገዛለች።

ስለዚህ በአስተናጋጇ አልፈርድም፤ ደንበኛዋን ላለማስቀየም የተሻለ መንገድ የሰጣት የለም። ከእሷ በላይ የሚፈሩም አሉ፤ ለአለቃቸው የሚጽፉትን ኢሜይል ሁሉ በእንግሊዝኛ የሚያደርጉ ሠራተኞች እንግሊዝኛ ስለሚወዱ ብቻ አይመስለኝም፤ «ዩ» አያስመርጥም። ለሽበትና ለቀለም ነገር መላ እስኪገኝ እነሱ ይሽሹ። በር ላይ ላሉት ሽማግሌ ግን መሸሽም መገመትም አያስፈልግም፤ ዕድሜያቸው ይታያልና። ነገ ጠዋት ስትገቡ «ይክፈቱልኝ» በሏቸው።