ጥናትን አሳጥሮ የማጥፋት ዘዴ

ሊትሬቸር ሪቪው ነገ ይገባል፤ እናንተ ደግሞ ያወረዳችሁት ጽሑፍ አንድ ብቻ ነው፦ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን ስለ ኢትዮጵያ ፋብሪካዎች በ2018 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት። ይበቃል፤ እንዲያውም አብስትራክቱ ብቻ ይበቃል።

ስለ ጥናቱ ዘዴ የሚያወራውን ክፍል ዝለሉት። በአምስት ድርጅቶች ሥራ ለመቀጠር ያመለከቱ ሰዎች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ ይላል። ለአንዱ ቡድን የፋብሪካ ሥራ ቀረበለት፤ ሌላው 300 ዶላርና የንግድ ሥልጠና አገኘ፤ ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። ይህን ሁሉ «ጥናቱ በመጠናዊ ዘዴ ተካሂዷል» ብላችሁ ተገላገሉት። ዕጣውን በተለይ አደራ እንዳትጠቅሱ። ከጠቀሳችሁት አንባቢው፣ በቡድኖቹ መካከል የታየው ልዩነት ከሰዎቹ ትጋት ሳይሆን ከተሰጣቸው ነገር እንደመጣ ይገባዋል። አመልካቾች መሆናቸውንም እርሱት፤ «የኢትዮጵያ ወጣቶች» ቢባል ያምራል።

ቀጥሎ «ሥራ ቀረበላቸው» የሚለውን «ሥራ ሠሩ» በሉት። እርግጥ ነው፣ አብዛኞቹ ሥራው አድካሚና አደገኛ ሆኖባቸው ብዙም ሳይቆዩ ለቀዋል። ስለዚህ የጥናቱ ቁጥሮች የሚናገሩት ሰው የፋብሪካ ሥራ ሲቀርብለት ምን እንደሚሆን እንጂ ዓመቱን ሙሉ ማሽን ላይ ሲቆም ምን እንደሚሆን አይደለም። ግን ይህን መጻፍ አንድ ተጨማሪ ዓረፍተ ነገር ይጠይቃል፤ ማን ጊዜ አለው?

ከግኝቱ 33 በመቶን ያዙ፤ ቁጥር ያለበት ሪቪው የተነበበ ይመስላል። ገንዘብና ሥልጠና ያገኙት ገቢያቸው በዚህ ያህል የበለጠው ምንም ካልተሰጠው ቡድን ነው፤ ያውም ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ሲለካ። «ከማን» እና «መቼ» የሚሉትን ካወጣችሁለት፣ 33 በመቶ በየትኛውም አገር ለማንኛውም ሰው ይሠራል። የፋብሪካው ሥራ ገቢን ብዙም አልለወጠም፤ የሥራው ሰዓት ረዘም ቢልም የሰዓቱ ክፍያ ዝቅ ያለ ነበር። እናንተ «ድህነትን ያባብሳል» ብላችሁ አለስልሱት።

እነዚሁ ተመራማሪዎች ሲሞን ፍራንክሊን ተጨምሮባቸው በ2022 ባሳተሙት ክትትል፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ሦስቱ ቡድኖች ከሞላ ጎደል እኩል ሆነው ተገኝተዋል። ይህን አትፈልጉት። በአጋጣሚ ካገኛችሁት ደግሞ እንዲህ አድርጋችሁ ስፉት፦

«ብላትማንና ደርኮን (2018) 300 ዶላር ገቢን በ33 በመቶ እንደሚጨምር አረጋግጠዋል። ይሁን እንጂ ብላትማንና ሌሎች (2022) በዚህ አይስማሙም።»

አማካሪያችሁ በቀይ እስክሪብቶ «ከማን ጋር ሲነጻጸር?» ብለው ከመለሱት አትደንግጡ። ከ33 በመቶው ፊት «ሲነጻጸር» የሚል ቃል ጨምራችሁ አስገቡ። «ከማን ጋር?» የሚለው እንደገና እስኪመጣ አንድ ሳምንት ታገኛላችሁ።