ለተነፋው አጽሕሮተ ጥናት የቀረበ ምስጋና

በየዩኒቨርሲቲው አንዳንድ ርኅራኄ የራቃቸው አማካሪዎች ተነሥተዋል። የተማሪውን የመመረቂያ ጽሑፍ ይቀበሉና ገና ከመጀመሪያው ገጽ፣ ከአጽሕሮተ ጥናቱ ላይ፣ በቀይ እስክሪቢቶ ይዘምታሉ። «ዴልቭ» የሚለውን ይሰርዛሉ። «ፒቮታል» የሚለውን ይከብቡና ከጎኑ «ለማን? በምን?» ብለው ይጽፋሉ። ሁለት ዓመት የለፋ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ይገባዋል? ተነፋ የሚባለው አጽሕሮት እስካሁን ጠበቃ አላቆመም፤ ዛሬ ቆሞለታል።

በመጀመሪያ የዘር ሐረጉን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2015 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ጥናት በፐብሜድ የተመዘገቡ አጽሕሮቶችን ለቃቅሞ፣ «አዲስ»፣ «ጠንካራ»፣ «ታይቶ የማይታወቅ» የሚሉትን ዓይነት ሙገሳዎች ፈልጎ ነበር። ከ1974 እስከ 1980 በወጡት ውስጥ እነዚህ ቃላት የተገኙት በ2 በመቶው ብቻ ነው። በ2014 ግን 17.5 በመቶ ደረሱ። ያለፈው ትውልድ ተመራማሪ ምን ያህል ተራ ሥራ ይሠራ እንደነበር ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም። «ዴልቭ» ደግሞ ከ2023 ወዲህ ድንገት በርክቶ ከነባሮቹ ጎን ተሰልፏል፤ እንኳን ደኅና መጣ።

አሁን ወደ ተግባር እንግባ። ለምሳሌ ያህል አንዲት የኅብረተሰብ ጤና ተማሪ በሦስት ጤና ጣቢያዎች ነፍሰ ጡሮች የአይረን ክኒናቸውን በአግባቡ ይወስዱ እንደሆነ አጠናች እንበል። ናሙናዋ 422 ነው። ለምን 422 እንደሆነ አይጠየቅም፤ ሥርጭቱ ካልታወቀ 50 በመቶ ተብሎ ይያዛል፣ ቀመሩ 384 ይሰጣል፣ መልስ ለማይሰጡት 10 በመቶ ይታከላል፣ 422 ይሆናል። በአገራችን ስንት ቴሲስ በዚህ ቁጥር ተባርኳል!

ልጅቷ አጽሕሮቷን እንዲህ ትጀምራለች፦ «ይህ ወሳኝ ጥናት ዘርፈ ብዙ በሆነው የእናቶች ጤና ምኅዳር ውስጥ ጠልቆ በመግባት ቁልፍ ጉዳዮችን በሁለንተናዊ መልኩ ይዳስሳል።» ውበቱን ልብ በሉ። «የእናቶች ጤና» የሚለውን አውጥታችሁ «የሲሚንቶ ግብይት» ብትከቱበት አንድም ቦታ አይነቃነቅም። ለጤና፣ ለኢኮኖሚክስ፣ ለአፈር ጥናት እኩል የሚያገለግል ዓረፍተ ነገር የአገር ሀብት ነው። አማካሪዋ ግን «ነፍሰ ጡሮች የአይረን ክኒን በሳምንት ቢያንስ አራት ቀን ይወስዱ እንደሆነ ጠየቅን» ብለሽ ጀምሪ ይሏታል። ይህ ዓረፍተ ነገር ከክኒን በቀር ለምንም አይሆንም። ይባስ ብሎ «በአግባቡ መውሰድ» ሲባል አራት ቀን ማለት እንደሆነ አንባቢው ያውቅባታል፤ «ለምን አምስት አልሆነም?» ብሎ መጠየቅም ይችላል።

ወደ ውጤቱ ስንመጣ አደጋው ይብሳል። መልስ የሰጡት 403 ሴቶች ናቸው፤ በአግባቡ የወሰዱት 161። ጥበበኛ ሰው «ከፍተኛ ቁጥር ያላቸው እናቶች» ብሎ ያልፋል፤ ብዙም ጥቂትም ያሰኛል፣ ማንም አይከፋውም። አማካሪው ግን «40 በመቶ፤ በ95 በመቶ መተማመኛ ከ35 እስከ 45» ብለሽ ጻፊ ይላሉ። ቁጥር ደግሞ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ነገ ሌላ ሰው ሌላ ወረዳ ላይ 60 በመቶ ቢያገኝ ልዩነቱ በሁሉም ዘንድ ይታያል። «ከፍተኛ ቁጥር» ያለ ሰው ግን ከማንም ጋር አይጋጭም።

በጤና ጣቢያ ስለ ክኒኑ ምክር ያገኙት ሴቶች ደግሞ ኦድስ ሬሾአቸው 1.9 ሆነ፤ መተማመኛው ከ1.2 እስከ 2.9 ነው። እዚህ ላይ ልጅቷ በሙሉ ልብ «ምክር ያገኙት በአግባቡ የመውሰድ ዕድላቸው በእጥፍ የጨመረ ሲሆን፣ ምክር ወሳኝ መንስኤ መሆኑ ተረጋግጧል» ብላ ጻፈች። እሰየው! ጨካኙ አማካሪ ግን ወረቀት አወጡና አሰሉ። ምክር ካላገኙት ከ100 ሴቶች 33 ቢወስዱ፣ ካገኙት የሚወስዱት 48 ገደማ ናቸው እንጂ 66 አይደሉም። ኦድስ ሬሾ እጥፍ የሚመስለው የወሰዱትን ላልወሰዱት እያካፈለ ስለሚያወዳድር ነው፤ ጉዳዩ ብርቅ ሲሆን ሁለቱ አቆጣጠሮች ይቀራረባሉ፣ 40 በመቶ ሲደርስ ግን ይራራቃሉ። ከ33 ወደ 48 መጨመር «እጥፍ» ከሚለው ጋር ሲተያይ ምን ያህል የሚያሳፍር እንደሆነ ራሳችሁ ፍረዱ።

«መንስኤ» የሚለውም አላለፈም። ጥናቱ ክሮስ ሴክሽናል ነው፤ ምክሩም ክኒኑም በአንድ ቀን፣ በአንድ መጠይቅ የተጠየቁ ናቸው። ክኒኗን የምትወስድ ሴት ጤና ጣቢያ ስለምትመላለስ ምክሩን ያገኘችው በዚያው ሰበብ ሊሆን ይችላል። ከሁለቱ የትኛው እንደቀደመ መጠይቁ አይናገርም። ስለዚህ «ተያይዞ ተገኝቷል» በይ ይላሉ አማካሪው። ተያይዞ ተገኝቷል! በእንዲህ ያለ ቃል ማን ምርጥ ተመራማሪ ተብሎ ይሸለማል?

የተነፋ አጽሕሮት ይሠራል ወይ ለሚል ተጠራጣሪ መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ሙከራ 300 ተመራማሪ ሐኪሞች ዋነኛ ግባቸው ያልተሳካላቸው የካንሰር ሙከራዎችን አጽሕሮት እንዲያነቡ ተሰጣቸው። ግማሾቹ ያጋነነውን ቅጂ፣ ግማሾቹ ማጋነኑ የተነሣለትን አነበቡ። ያጋነነውን ያነበቡት ሕክምናው ይበልጥ ይጠቅማል ብለው ገመቱ። መድኃኒቱ ያው፣ ቁጥሩም ያው ነው፤ ለውጡን ያመጡት ቃላት ብቻ ናቸው። ላቦራቶሪ የማይፈልግ፣ ውጭ ምንዛሪ የማይጠይቅ እንዲህ ያለ ቴክኖሎጂ ሌላ የት ይገኛል?

ወጣት ተመራማሪዎች ከሩቁ ለይተው እንዲሸሹት፣ አማካሪው አሻሽለው የመለሱትን አጽሕሮት ሳልወድ በግድ አቀርባለሁ፦

«በሦስት ጤና ጣቢያዎች የቅድመ ወሊድ ክትትል ላይ ያሉ ነፍሰ ጡሮች የአይረን ክኒን ምን ያህል እንደሚወስዱ አጠናን። ከተመረጡት 422 ሴቶች 403ቱ መልስ ሰጡ። ባለፈው ወር በሳምንት ቢያንስ አራት ቀን ወስጃለሁ ያሉት 161 ናቸው (40 በመቶ፤ ከ35 እስከ 45)። ምክር ካገኙት መካከል የወሰዱት ካላገኙት ይልቅ ይበዛሉ (ኦድስ ሬሾ 1.9፤ ከ1.2 እስከ 2.9)። መረጃው የሴቶቹ ቃል ነው፤ ክኒን አልቆጠርንም። ምክሩ መውሰዱን ያመጣ እንደሆነ ይህ ጥናት ሊለይ አይችልም።»

አንድም «ቁልፍ»፣ አንድም «ሁለንተናዊ» የለበትም። የመጽሔቶቹ ጣሪያ ብዙ ጊዜ 250 ቃል ሆኖ ሳለ ሲሶውን እንኳ አልሞላም፤ የተረፈው ቦታ ባዶውን ቀረ። ጉዳቱም ወዲያው ታየ። በዲፌንሱ ዕለት ፈታኙ አጽሕሮቱን ብቻ አንብበው «ክኒኑን ለምን አልቆጠራችሁም?» ሲሉ ጠየቁ፤ ልጅቷም ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስለ ክኒን ስታወራ ቆየች። የመጀመሪያው ቅጂ ቢቀርብ ኖሮ ፈታኙ «ጥሩ ሥራ ነው» ብለው ወደ ሻዩ ይሄዱ ነበር። የጤና ጣቢያው ኃላፊም ወረቀቱን ወስደው «ከመቶ ስድሳዎቹ አይወስዱም ማለት ነው?» እያሉ ነርሶቹን ማስጨነቅ ጀምረዋል።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ ጠልቃችሁ ግቡ፣ ዘርፈ ብዙ ሁኑ፣ በሁለንተናዊ መልኩ ዳስሱ። አርባ ያለ ሰው ሠላሳ ሆኖ ሊገኝበት ይችላል፤ «ወሳኝ» ያለን ሰው ግን ተሳስተሃል የሚለው አይገኝም።