ቆርቆሮ፣ ማስተርስና መንጃ ፈቃድ

ጳጉሜን ሰውን ትዕቢተኛ ታደርጋለች። ራሷ አምስት ቀን ብቻ ይዛ ለአሥራ ሁለት ወር ታሳቅዳለች። እኔም በወረቀቴ ላይ ሦስት ነገር ጽፌ ነበር፤ በማታ ማስተርስ መጀመር፣ ደብረ ብርሃን ያለውን የእናቴን ቤት ጣሪያ ማስቀየርና መንጃ ፈቃድ ማውጣት። መስከረም ሲጠባ የዕቁባችን የመጀመሪያ ዕጣ ለእኔ ወጣ። አሥራ ሁለት ነን፣ በወር 10 ሺህ እንጥላለን፤ 120 ሺህ ብር ማለት ነው። ብር ሳይኖረኝ ሦስቱም ተስማምተው ነበር የሚኖሩት። ብሩ ሲመጣ ተጣሉ።

መጀመሪያ ጮክ ያለው ማስተርሱ ነው። ታላቅ ወንድሜ «ክፍያው በዓመት 50 ሺህ ነው፤ ምን ያሳስብሃል?» አለኝ። እሱ የሚያየው ደረሰኝ ያለውን ወጪ ብቻ ነው። እኔ ማታ ማታ የነጋዴዎችን ሒሳብ እሠራለሁ፤ በወር 7 ሺህ ገደማ ይገባልኛል። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች እስከ ጥቅምት 30 ማስታወቅ ስላለባቸው መስከረም ላይ ቤቴ በደረሰኝ ካርቶን ይታጨቃል። ክፍል ከገባሁ በአሥር ወር የሚቀርብኝ 70 ሺህ ነው። ትምህርቱ እንግዲህ በዓመት 120 ሺህ፣ በሁለት ዓመት 240 ሺህ ያስወጣኛል። መሥሪያ ቤቴ ለዲግሪው የሚጨምረው በወር 2,500፣ በዓመት 30 ሺህ ነው። ብሩን ለመመለስ ብቻ ስምንት ዓመት።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ከወንድሜ በተቃራኒ አበዛው። «ጂሙስ? እንግሊዝኛውስ? የልጆችህ ጨዋታስ? ሁሉንም ደምር እንጂ!» አለ። እንደ እሱ ከሆነ ሰው ከአልጋው መነሳትም አይችልም። አንድ ማታ ለአንድ ነገር ብቻ ነው የሚሆነው፤ ስለዚህ የሚታሰበው ከቀሩት ውስጥ የተሻለው አንዱ ነው። ለእኔ እሱ ሒሳብ ሥራው ነው። ጂምማ ዱሮም አልሄድም።

መንጃ ፈቃዱ ላይ ግማሽ ክፍያ ከፍያለሁ፤ አይመለስም። «እንግዲህ ከጀመርክ ጨርሰው፣ ብርህን አፈር አታስበላው» ተባልኩ። ያ ብር ግን ብማርም ባልማርም ሄዷል። የሚመዘነው ገና የሚከፈለው ቀሪ ገንዘብና ከሥራ በፊት የምሰጠው ጠዋት ነው። በምላሹ የማገኘው? መኪና የለኝም፣ ሊሰጠኝ ያሰበ ዘመድም የለም። ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ የዕቁብ ባልደረባችን ነጋዴ መጣ። ዕቃ ለማስገባት ቸኩሎ ዕጣህን በ8 ሺህ ብር ልግዛህ አለ። እሱ 120ውን ይወስዳል፣ እኔ 8 ሺህ በኪሴ አድርጌ ወደ ዕጣው እመለሳለሁ። ሰዉ ሁሉ «ዝም ብለህ ተቀበል፣ ነፃ ብር ነው» አለኝ። የዕቁቡ ዳኛ እንኳ «ልጄ፣ በረከት ነው» አሉ።

ጣሪያው ባይኖር እሸጠው ነበር። ከጥቅምት እስከ ነሐሴ አሥራ አንድ ዕጣ ይቀራል። እስከ ግንቦት ባሉት ስምንቱ ከወጣልኝ እሰየው፤ ሰኔ፣ ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ ከወጣ ግን ክረምቱ ቀድሞኛል። አናጺው አይቶት ነበር፤ አንድ ክረምት ከደገመው ኮርኒሱና የጣሪያው እንጨት ሊለወጥ ነው፣ ተጨማሪ 40 ሺህ። ከአሥራ አንዱ በሦስቱ 40 ሺህ መክሰር ማለት በግምት 11 ሺህ ይመዝናል። 8 ሺህ አያካክሰውም። «12 ካልክ እንነጋገራለን» አልኩት። ሳቀብኝና ሄደ፤ ዳኛውም ሳቁ። እስከ ዛሬ ዕቁብ ላይ «አሥራ ሁለቱ» እያሉ ይጠሩኛል።

ማስተርሱን አንድ ዓመት ማዘግየት የሚያስቀርብኝ ያችኑ 30 ሺህ ጭማሪ ነው፤ እሷም ዲግሪው ካለቀ በኋላ የምትመጣ እንጂ ዘንድሮ የምትጎድል አይደለችም። የጣሪያው ጥፋት ግን በመጪው ሐምሌ ነው። ስለዚህ ቆርቆሮው ገባ፣ ትምህርቱ ለቀጣዩ መስከረም ተቀጠረ፣ መንጃ ፈቃዱ ያለ ቀጠሮ ተሰናበተ።

ችግሩ ያልጠበቅሁት ቦታ ነበር። እናቴ ማስተርስ ልጀምር ነው ያልኳትን ሰምታ ለዕድሩ «ልጄ ዶክተር ሊሆን ነው» ብላ ኖሯል። ታኅሣሥ ላይ ከአናጺው ጋር ስደርስ ጎረቤቶች «ዶክተር፣ እንኳን ደህና መጣህ» ብለው ተቀበሉኝ፤ አንዷም ወገቧን እንዳይላት ጠየቀችኝ። እናቴ ለብቻ ጠርታ «እና አቋረጥከው?» አለችኝ። «አልጀመርኩትም እማዬ፤ ጣሪያሽ ነው የወሰደው» አልኳት። ቀና ብላ አየችውና «እሱስ ደግ» አለች፤ ለዕድሩ ግን እስካሁን አላረመችም።

እናንተም ዘንድሮ የምትተዉትን ስትወስኑ፣ ለእናታችሁ ዕድሩ ከመሰብሰቡ በፊት ንገሯት።